«ለእናታችን እንዳይነግሯት»፦ የካንሰር ውጤት ለታካሚና ለቤተሰብ እንዴት ይነገር?

ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ በልጁ የደረት ኪስ ውስጥ ነው። ከግራና በማለዳ ተነስተው በመርሳ በኩል ወልድያ የደረሱት እናቱ ከሐኪሙ ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። የጡታቸውን ናሙና ውጤት የተቀበለው ልጁ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አንዷን ቃል ለይቶ አነበባት፤ «ካርሲኖማ» ትላለች። ስልኩን አውጥቶ ትርጉሟን ፈለገ። ከዚያ ተራ ሳይጠብቅ ወደ ሐኪሙ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። «ዶክተር፣ እባክዎ ለእናታችን እንዳይነግሯት። ከሰማች ትሞትብናለች።»

ይህ ለማሳያ የቀረበ ምሳሌ ነው፤ እናትየዋም ልጁም የተወሰኑ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን ካንሰር የገባበት ቤት ያደገ አንባቢ ትዕይንቱን ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንዱ ሐኪም የልጁን ልመና ተቀብሎ ለእናትየው «ትንሽ እብጠት ናት፣ በኦፕራሲዮን ትወጣለች» ይላል። ሌላው ደግሞ «መንገር ግዴታዬ ነው» ብሎ ልጁን ገሸሽ ያደርግና ቃሉን በሁለት ደቂቃ ተናግሮ ቀጣዩን ታካሚ ይጠራል። ሁለቱም ጉዳት አላቸው። በሁለቱ መካከል ተሞክሮ የተጻፈ፣ ሐኪምም ቤተሰብም ሊማረው የሚችል መንገድ አለ። ከዚህ በታች ያንን መንገድ በእኚህ እናት ጉዳይ ላይ ቃል በቃል እናየዋለን።

በመጀመሪያ ግን ለልጁ ፍትሕ እንስጠው። ልመናው ከመርዶ ሥርዓታችን የመጣ ነው። በአገራችን የሞት ወሬ ለሰው እንዲሁ በመንገድ ላይ አይወረወርም። ቅርብ ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፤ ማን ይናገር፣ መቼ ይነገር ተብሎ ይመከራል። ማታ የደረሰ ወሬ እስኪነጋ ይያዛል። በማለዳ የተከበሩ ሰዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ። የሚደነግጠውን ሰው የሚይዝ እጅ አጠገቡ አለ፤ ከፊቱ ያለውም ሌሊት ሳይሆን ሰው የሞላበት ቀን ነው። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሐኪሞቹ እንደ አገራቸው ደንብ ከባዱን ውጤት ለታካሚው ፊት ለፊት ሲናገሩ፣ ኢትዮጵያውያኑ ነገሩን እንደ ጭካኔ ቆጠሩት። የሚጠብቁት ወሬው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ተነግሮ፣ በእነሱ በኩል በአግባቡ እንዲደርስ ነበር።

ስለዚህ ልጁ የሚጠይቀው ነገር ሥር አለው። ስህተቱ ያለው የካንሰርን ውጤት እንደ መርዶ መቁጠሩ ላይ ነው። መርዶ ያለቀ ነገር ነው። የሚሰማው ሰው ከማልቀስና ከመታገስ በስተቀር የሚወስነው ነገር የለም። የካንሰር ውጤት ግን ያላለቀ ነገር ነው፤ ከታካሚዋ ሥራ ይጠይቃል። ጡታቸውን ለቀዶ ሕክምና የሚሰጡ፣ ለዚያም የሚፈርሙ፣ በየ21 ቀኑ ለኬሞቴራፒ መኪና የሚሳፈሩ፣ ፀጉራቸው ሲረግፍና ሲያስመልሳቸው የሚታገሱ እሳቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ ያልተነገረው ሰው ይህን ሁሉ አይችለውም።

በዝምታ የተያዙት እናት ምን እንደሚሆኑ አስቡት። «እብጠት ናት» ተብለው ተቀደዱ። ቁስሉ ሻረ። ከዚያ «መርፌ አለብሽ» ተብለው ወደ ሌላ ከተማ ተላኩ። የመጀመሪያው መርፌ አልጋ ላይ ጣላቸው። እብጠቷ ከወጣች፣ ቁስሉም ከዳነ፣ የሚያስመልስ መርፌ ለምን ይወጋሉ? ማሽላውም ደርሷል። በሦስተኛው ዙር ቀሩ። ማንም አልዋሸሁም ይላል፤ እሳቸው ግን ሕክምናውን ያቋረጡት ሌሎች በደበቁላቸው ነገር ምክንያት ነው። ከወራት በኋላ ጠባሳው ላይ ጉብታ ሲወጣ፣ ወይም ወገባቸውን ሌሊት ሲያማቸው፣ የመጀመሪያው ዕድል አልፏል። በሌላ በኩልም ያመለጣቸው ነገር አለ። ያለባቸውን ዕዳ መክፈል፣ የሰው አማና መመለስ፣ ወሲያቸውን መናዘዝ፣ ከተኳረፉት እህታቸው ጋር አውፍ መባባል ይፈልጉ ነበር ይሆናል። ይህን ዕድል የነጠቃቸው የልጆቻቸው ፍቅር ነው።

መደበቅ የእኛ ብቻ ባህል ነው ብሎ የሚያፍርም የሚኮራም አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1961 በቺካጎ በአንድ ሆስፒታል 219 ሐኪሞች ተጠይቀው ነበር። 90 በመቶዎቹ የካንሰርን ውጤት ለታካሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ የአሜሪካ ሆስፒታል ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን እንደሚመርጡ መለሱ። በ18 ዓመት ውስጥ የአሜሪካኖች ልብ አልደነደነም። በመካከሉ ሕክምናው ተሻሻለ፤ ሊታከም የሚችለውን በሽታ ስም ሳይጠሩ ማከም ደግሞ አስቸጋሪ ሆነ። የታካሚው የማወቅ መብት ላይ ያለው አስተሳሰብም አብሮ ተለወጠ።

ያም ሆኖ መንገር ሲጀመር አነጋገሩን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በካናዳ ቶሮንቶ ይሠሩ የነበሩት የካንሰር ሐኪም ሮበርት በክማንና በአሜሪካ ሂዩስተን የነበሩት ዎልተር ቤይል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 «ስፓይክስ» የተባለ ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ አሳተሙ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሕክምና ተማሪዎች ይማሩታል፤ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በዚሁ መንገድ መነሻነት ሐኪሞችና ታካሚዎች የተጠየቁበት ጥናት ተሠርቷል። ደረጃዎቹ ቀላል ናቸው፦ ቦታውን ማዘጋጀት፣ ታካሚው የሚያውቀውን መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ መናገር፣ ለስሜቱ ቦታ መስጠት፣ ቀጣዩን አብሮ ማቀድ። ልብ ካላችሁ ከመናገሩ በፊት ሦስት ደረጃዎች አሉ። አዋቂው መርዶ ነጋሪም እኮ ቤቱ እንደገባ አይናገርም።

አሁን ወደ ወልድያው ክፍል እንመለስ። ልጁ ልመናውን አቅርቧል። ሐኪሙ ወንበር ይስበዋል።

ሐኪም፦ «ተቀመጥ ወንድሜ። እናትህን እንደምትወዳቸው አያለሁ። ቢነገራቸው ምን ይሆናሉ ብለህ ነው የፈራኸው?»

ልጅ፦ «አባታችን ከሞተ ወዲህ ደካማ ናት። የጎረቤታችን ሚስት በዚህ በሽታ ስትሞት አይታለች። ተስፋ ትቆርጣለች፤ እህል አትቀምስም።»

ሐኪም፦ «ይህን መንገርህ ጠቅሞኛል፤ ሳነጋግራቸው አስታውሰዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ሰሞን ስለ ሕመማቸው አንስተው ያውቃሉ?»

ልጅ፦ «ማታ ማታ ትጸልያለች፤ ትተክዛለች። ‘ምን አሉ?’ ብላ ደጋግማ ጠይቃኛለች።»

ሐኪም፦ «እንግዲያው ጠርጥረዋል ማለት ነው። እኔ ሊሰሙት የማይፈልጉትን በግድ አልነግራቸውም። ግን ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም። መጀመሪያ እሳቸውን እጠይቃለሁ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ ራሳቸው ይንገሩን። አንተም አጠገባቸው ትሆናለህ። በዚህ እንስማማ?»

የጠቅላላው ንግግር ቁልፍ እዚህ ነው። ሐኪሙ ልጁን «ሕግ አለ» ብሎ አላስደነገጠውም። በእርግጥ ሕግ አለ፤ ሕጉ ሕክምና በታካሚው ፈቃድ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ያልተነገረው ሰው ደግሞ ምኑን ይፈቅዳል? ነገር ግን ልጁን የሚያሳምነው ደንብ አይደለም። የሚያሳምነው ውሳኔው ከእሱም ከሐኪሙም ትከሻ ወርዶ ለእናትየው መተላለፉ ነው። «ከጠየቁኝ አልዋሻቸውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ በለሆሳስ ቢነገርም መነገር አለበት፤ አለበለዚያ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ በዓይን ጥቅሻ ሐኪሙን ለማስቆም ይሞክራል።

ቀጥሎ ቦታው ነው። ሰዓቱ ቢቻል ጠዋት ይሁን። መርዶ በማለዳ የሚነገርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ በአሥር ሰዓት የሰሙ እናት ድንጋጤያቸውን ይዘው የመጨረሻውን መኪና ለመያዝ ይሮጣሉ፤ ሌሊቱንም ብቻቸውን ያነጉታል። ጁሙዓ ሊደርስ ሰዓት ሲቀረው መጀመርም ያው ነው፤ ልጁ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። ሐኪሙ ወንድ ከሆነ ሴት ነርስ አብራ ትግባ። ሌሎች ታካሚዎች ይውጡ፤ በሩ ይዘጋ፤ የሐኪሙም የልጁም ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ሐኪሙ ከእናትየው ዝቅ ባይል እንኳ እኩል ይቀመጥ። ሶፍት ይዘጋጅ፤ ግን ገና ሲገቡ ፊታቸው ላይ አይደርደር። ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። ግማሽ ሰዓት በተጨናነቀ ሆስፒታል ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ዙር የቀሩትን እናት ፈልጎ ማምጣት ግን ከዚህ የበለጠ ይፈጃል።

አንድ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ሐኪሙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ቀጣዩን እርምጃ ማወቅ አለበት። የኚህ እናት እብጠት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ በብብታቸው ሥር አንዲት የምትንቀሳቀስ ዕጢ ተዳስሳለች፤ የደረት ራጅና የሆድ አልትራሳውንድ ወደ ሌላ አካል መዛመቱን አላሳዩም። ይህ ደረጃ ሁለት የሚባለው ነው። ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው? ኬሞቴራፒው የት ነው፣ ደሴ ወይስ ሌላ ቦታ? የሪፈር ወረቀቱን ማን ይጽፋል? ይህን በስልክ አጣርቶ ያልገባ ሐኪም «ከዚያስ?» ሲባል «እናያለን» ይላል። ያን ጊዜ ወሬው መርዶ ይሆናል።

እናትየው ገብተው ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ።

ሐኪም፦ «እማማ፣ መንገዱ እንዴት ነበር? … ጡትዎ ላይ ስላለችው እብጠት እስካሁን ምን ተነግሮዎታል? እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?»

እናት፦ «እኔማ ምን አውቃለሁ ልጄ። መርፌ ወግተው ውኃ ነገር ቀዱ። ጎረቤት ‘ብርድ ነው’ አለች። እኔ ግን…» ወደ ልጃቸው አዩ። «ክፉ በሽታ እንዳይሆን ፈርቻለሁ።»

ብዙ ታካሚዎች የሚሉት ይህን ነው፤ ካልተጠየቁ ግን አይሉትም። ይህ ጥያቄ ሦስት ነገር ይሰጣል፤ ታካሚዋ የት እንደቆሙ ያሳያል፣ ሐኪሙ የሚጠቀምበትን ቃል ያቀብላል፣ ልጁም እናቱ እንደጠረጠሩ በጆሮው ይሰማል። ሐኪሙ ጸጥ ብሎ ቀጠለ።

ሐኪም፦ «የናሙናው ውጤት መጥቷል። አንዳንድ ሰው ሁሉንም በዝርዝር መስማት ይፈልጋል። አንዳንዱ ዋናውን ብቻ። አንዳንዱ ደግሞ ‘ለልጄ ንገረው’ ይላል። እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?»

እናት፦ «ንገረኝ ልጄ። አላህ የጻፈውን ማን ይመልሰዋል። ልጄም ይስማ።»

«ለልጄ ንገረው፤ እኔ አልሰማም» ቢሉስ? ይህም መልስ ነው፤ ይከበራል። ሐኪሙ ያን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «እሺ፣ ለልጅዎ እነግረዋለሁ። ሕክምና እንደሚያስፈልግዎና የሕክምናው ዓይነት ምን እንደሆነ ግን እርስዎም ማወቅ ይኖርብዎታል። በማንኛውም ቀን ሐሳብዎን ከቀየሩ ይጠይቁኝ።» ሌላ ሰው ከመረጡ፣ ለምሳሌ ወንድማቸውን፣ የሚነገረው ለእሱ ነው። ወረቀቱን የያዘ ሁሉ የመስማት መብት የለውም።

አሁን ቃሉ ይነገራል። ከፊቱ አንዲት አጭር ማስጠንቀቂያ ትቀድማለች፤ ሰውየው ልቡን የሚያጠነክርበት ትንፋሽ ነው።

ሐኪም፦ «እማማ፣ ውጤቱ እንደተመኘነው አልሆነም። ከባድ ነገር ነው የምነግርዎት።» ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝም አለ። «ጡትዎ ላይ ያለችው እብጠት ካንሰር ናት።»

ከዚያ ዝም። ሐኪሞች የሚወድቁት እዚህ ነው። ዝምታው ስለሚጨንቃቸው ወዲያው ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ ኦፕራሲዮኑ መናገር ይጀምራሉ። ካንሰር የሚለውን ቃል የሰማ ጆሮ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ነገር አያስገባም፤ በዚያ ደቂቃ የተነገረው ሁሉ ፈሰሰ ማለት ነው። እናትየው እስኪናገሩ ይጠበቃል።

ስለ ቃሉ ምርጫ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ልዩ ወጥመድ አለ። ካንሰር በአማርኛ «ነቀርሳ» ይባላል። ነገር ግን ሕዝቡ «የሳንባ ነቀርሳ» የሚለው ቲቢን ነው። የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ከተባለ፣ የስድስት ወር መድኃኒት ወስጄ እድናለሁ ብሎ ተደስቶ ይወጣል። ሳል ያላቸው ልጆች በቤት ካሉም በከንቱ ይሰጋል። ስለዚህ «ካንሰር» ይባል፤ ገጠርም ከተማም ያውቀዋል። ሁለተኛው ወጥመድ «ፖዘቲቭ» ነው። «ውጤትሽ ፖዘቲቭ ነው» የተባለች ሴት ወይ ጥሩ ነው ብላ ትሰማለች፣ ወይ ኤች አይ ቪ መስሏት ትንቀጠቀጣለች፤ ካንሰር ብላ የምትሰማው ጥቂቷ ናት። «ዕጢ»፣ «እብጠት»፣ «ትንሽ ከበድ ያለ ነገር» የሚሉትም ለማስጠንቀቂያ ያገለግሉ ይሆናል እንጂ የበሽታውን ስም አይተኩም።

እናትየው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ከጥቂት ጊዜ በኋላ፦ «አልሐምዱሊላህ።» ዕንባቸው ወረደ። ልጁም ጎንበስ አለ።

ሐኪም፦ «እንዲህ ያለ ነገር መስማት ከባድ ነው። እኔም ሌላ ውጤት ብነግርዎት በወደድኩ ነበር።» ነርሷ ሶፍቱን አቀበለች። ሌላ አልተናገረም።

የሙስሊም ታካሚ «አልሐምዱሊላህ» ሐኪሙን ሁለት መንገድ ሊያሳስተው ይችላል። ተረጋግተዋል፣ ገብቷቸዋል ብሎ ወደ ዝርዝሩ ይሮጣል፤ ወይም ለአላህ ትተውታል፣ ሕክምና አይፈልጉም ብሎ ይደመድማል። ቃሉ አንዱንም አይናገርም። በሽታውን ከጌታቸው ተቀበሉ፤ ገና አልተረዱትም፣ ገና አልወሰኑም። ሐኪሙ የሚጠይቀው፦ «አሁን በልብዎ ምን አለ?» ነው። እሳቸው መለሱ፦ «የጎረቤቴ ሚስት እንደሞተችው ነው የምሞተው?»

ልጁ የነገረው ፍርሃት እዚህ ወጣ። የሐኪሙ መልስ አጭር መሆን አለበት፤ እውነትም።

ሐኪም፦ «የእሳቸውን ሕመም አላውቀውም፤ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ ይከብዳል። የእርስዎን ግን አይቻለሁ። እብጠቷ ጡትዎና ብብትዎ ላይ ናት። ሳንባዎንና ጉበትዎን አይተናል፤ የተዛመተ ነገር አላገኘንም። ስለዚህ የምናክምዎት ለማዳን አስበን ነው። እድሜ በአላህ እጅ ነው፤ ‘እርግጠኛ ነኝ’ አልልዎትም። ግን ሕክምና አለው፤ ዛሬ መጀመር ከነገ ይሻላል።»

እዚህ ላይ ስለ «ኢንሻአላህ» አንድ ነገር ማለት እወዳለሁ። ሐኪሙ ቢለው ደስ ይላል፤ ግን መልስ ከሰጠ በኋላ ይበለው። «እድናለሁ?» ለሚል ጥያቄ ብቻውን የተሰጠ «ኢንሻአላህ» ታካሚው ጆሮ ውስጥ «ሐኪሙ ሸሸኝ» ሆኖ ይገባል።

ከእንባው በኋላ ሦስት ነገር ብቻ ይነገራል። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጡቱና የብብቱ ዕጢዎች ይወጣሉ። ጡታቸው ሙሉ በሙሉ እንደሚወጣ በግልጽ ይነገራቸው፤ ከማደንዘዣ ነቅተው እንዳያውቁት። ሁለተኛው ኬሞቴራፒ ነው፤ በየ21 ቀኑ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ለወራት የሚቆይ መድኃኒት። ፀጉር ይረግፋል፤ ሲያልቅ ይበቅላል። ሦስተኛው ከናሙናው ሌላ ምርመራ እንደሚጠበቅ ነው፤ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፈን የሚባል እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ዓመት ሊታዘዝ ይችላል። የጨረር ሕክምና ዛሬ መነሳት የለበትም፤ ከተጠየቀ ግን «ካስፈለገ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንወስናለን» ይባላል። ለብዙ ዓመታት ጨረር በአገሪቱ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰብ «አዲስ አበባ ሂዱ» ሲባል «አልቆላታል» ብሎ የሚሰማበት ምክንያት አለው።

እናት፦ «የረመዳን ጾሜስ? ከመድኃኒቱ ጋር ይሆናል?»

ሐኪም፦ «ኬሞቴራፒው በሚሰጥበት ሰሞን ውኃ በደንብ መጠጣት አለብዎት፤ ካስመለስዎትና ካልጠጡ ኩላሊትዎ ይጎዳል። የሕክምናውን በኩል የምነግርዎት ይህን ነው። የዲኑን ከሸኹ ይጠይቁ፤ ይህንኑ ያልኩዎትን ይንገሯቸው።»

ሐኪሙ ራሱ ሙስሊም ቢሆንም ባይሆንም ይህ መልስ ይበቃል። ከዚያ ሐኪሙ ራሱ ማንሳት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ታካሚው ፈርቶ አያነሳውምና። «ሌላ የሚጠቀሙት ነገር አለ? ዱዓ፣ ሩቅያ፣ የአገር መድኃኒት?» ዱዓና ሩቅያ ከሕክምናው ጋር አይጋጩም፤ እንዲህ ተብሎ ይነገራቸው። እብጠቷ ላይ ቅጠል መለጠፍና መተኮስ ግን ቆዳውን ያቆስላል፤ ቀዶ ሕክምናውን ያዘገያል። የሚጠጣ ሥራሥርም ከኬሞቴራፒው ጋር ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሳይቆጡ፣ ሳይስቁ የተጠየቀች እናት እውነቱን ትናገራለች፤ የተቆጧት ደብቃ ትቀጥላለች።

የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው። «ገባዎት?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም «አዎ» ይላል።

ሐኪም፦ «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ልጆችዎ ‘ሐኪሙ ምን አለ?’ ይሉዎታል። ምን ይሏቸዋል?»

እናት፦ «ካንሰር ነው ብሎኛል። ጡቴን ይቆርጡታል። ከዚያ… ቁስሉ ከዳነ ጨረስኩ።»

አዩ? ዋናው ቀዳዳ ወጣ። ኬሞቴራፒው አልተሰማም። ይህች አንዲት ጥያቄ ባትጠየቅ ኖሮ ታሪኩ በሦስተኛው ዙር ከቀሩት እናት ጋር አንድ ይሆን ነበር። ሐኪሙ ደገመላቸው፦ «ቁስሉ ሲድን ግማሽ መንገድ ነው። ዓይን የማያየው ዘር ቀርቶ ከሆነ የሚገድለው መርፌው ነው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ዙር።» እንደገና አስደገማቸው። ከዚያ በአማርኛ በአንድ ወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፈ፦ የበሽታው ስም፣ የኦፕራሲዮኑ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ኬሞቴራፒ እንዳለ፣ የክፍሉ ስልክ ቁጥር። የእንግሊዝኛው ወረቀት ለሐኪም ነው፤ ይህ ለእናትየው። ልጁም የታጠፈውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

በሽታው ተዛምቶ በመጣ ጊዜ ንግግሩ እስከ ቃሉ ድረስ አንድ ነው። ልዩነቱ «ለማዳን» የሚለው ላይ ነው። «ስንት ጊዜ ይቀረኛል?» ለሚል ሐኪሙ መጀመሪያ «ምን አስበው ነው የጠየቁኝ?» ይበል። ጠያቂው የልጁን ኒካሕ አስቦ ይሆናል፣ ዕዳውን አስቦ ይሆናል፣ ሐጅ አስቦ ይሆናል። ወር ቆጥሮ መናገር አይገባም፤ ቆጠራው ሲሳሳት ሰውየውም ቤተሰቡም በዚያ ቀን ታስሮ ይኖራል። «በዓመታት ሳይሆን በወራት የምናስብበት ሁኔታ ነው፤ ልንሳሳት እንችላለን፤ ሊፈጽሙት የሚፈልጉት ካለ ዛሬ ይጀምሩት» ማለት ግን ይቻላል። «ሕክምና የለም» የሚለው ቃል ደግሞ ፈጽሞ አይባልም፤ ውሸትም ነው። የሕመም ማስታገሻ ሕክምና ነው፤ ሞርፊንም በሐኪም ትእዛዝ ለዚህ ያገለግላል።

ግራና ሲደርሱ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ቡና ተፈላ። አንዷ «ምን አሉሽ?» አለች። ልጁ «ደህና ናት» ሊል አፉን ሲከፍት እናትየው ቀደሙት፦ «ካንሰር ነው። ሊያክሙኝ ነው። ሰኞ ሳምንት እገባለሁ። ማሽላዬን የሚያጭድልኝ ማን ነው?»